ቁልፉ ተሰጠ፣ መኪናው ግን ገና አልተረከበም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ኡበርና ሊፍት እየነዱ የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ከእነዚህ ውስጥ ያገለገለ ቴስላ ከግለሰብ የሚገዛ አለ። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ታይትሉ ይፈረማል፣ ሻጩ ታርጋውን ነቅሎ ይወስዳል፣ ገዢው ቁልፍ ካርዱን ተቀብሎ ይነዳል። በሕግ ፊት መኪናው የገዢው ሆኗል። በሻጩ ስልክ ላይ ያለው አፕ ግን ይህን ሽያጭ አያውቅም። ሻጩ ቤቱ ተቀምጦ መኪናው የት እንደቆመ ያያል፣ በሩን ይከፍታል፣ ማሞቂያውን ያበራል።

ይህ የሚሆነው ስልኩ በቀጥታ ከመኪናው ጋር ስለማይነጋገር ነው። መኪናው ውስጥ የራሱ ሲም ያለው ሞደም አለ። እሱም ያለማቋረጥ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ይገናኛል። ስልኩም ትእዛዙን የሚልከው ወደዚያው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ የሚመለከተው መዝገቡን ብቻ ነው፤ ይህ ቪን ቁጥር በየትኛው አካውንት ሥር ነው? ታይትሉን የቀየረው ዲኤምቪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ የኩባንያውን መዝገብ አይነካም። ስለዚህ አንድ ሰው ሆን ብሎ ካልለወጠው በስተቀር የቀድሞው ባለቤት ስም እንደተመዘገበ ይቆያል።

ችግሩ በኤሌክትሪክ መኪና አልተጀመረም። የአይቢኤም የደኅንነት ባለሙያ የሆነው ቻርልስ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደ ጉባኤ ላይ የራሱን ገጠመኝ ተናግሮ ነበር። መኪናውን ሲመልስ ውስጡ ያለውን መረጃ ሁሉ አጥፍቷል፣ ቁልፎቹንም አስረክቧል። ከዓመታት በኋላ ግን የሸጠው መኪና አሁንም በስልኩ አፕ ላይ ነበር። መኪናው ውስጥ ያለውን ማጥፋት ሰርቨሩ ላይ ያለውን እንደማያጠፋ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ ገዢው ለሻጩ መልእክት መላክ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው «አካውንትህን ስጠኝ» ብሎ በመጠየቅ ነው። አካውንቱ የሻጩ ነው፤ የባንክ ካርዱ፣ አድራሻው፣ ምናልባትም ሌላ መኪናው እዚያው ውስጥ አለ። መጠየቅ ያለበት መኪናው ከዚያ አካውንት ወጥቶ ወደ ገዢው እንዲዛወር ነው። ለምሳሌ አንድ ሹፌር በዕድሜ ከሚበልጡት ሰው ሞዴል 3 ገዝቷል እንበል። እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለፈው ቅዳሜ ሞዴል 3ን የገዛሁዎት ነኝ። ታይትሉን በስሜ አዙሬያለሁ፣ መኪናው ግን እስካሁን በእርስዎ የቴስላ አካውንት ላይ ነው። እባክዎ አፑን ከፍተው ወደ እኔ ያዛውሩልኝ። የቪን ቁጥሩን የመጨረሻ ስድስት አኃዞችና እኔ አካውንት የከፈትኩበትን ኢሜይል ከታች ጽፌልዎታለሁ። ፓስዎርድዎን አልፈልግም፣ እባክዎ እንዳይልኩልኝ። እስኪዛወር ድረስ ሱፐርቻርጀር ብጠቀም ሂሳቡ ከእርስዎ ካርድ ስለሚቆረጥ ቤት ነው የምሞላው። ሲመችዎ ልደውልና አብረን እንጨርሰው።»

መልእክቱ ሻጩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዟል። የትኛው መኪና እንደሆነ በቪን ቁጥሩ ይታወቃል፣ ወደ ማን እንደሚዛወር በኢሜይሉ ይታወቃል። የሱፐርቻርጀሩ ነገር ደግሞ ሻጩን ወደ ሥራ የሚያስገባው ነው። ጣቢያው መኪናውን ሲሰካ ራሱ ይለየዋል፣ ሂሳቡንም የሚልከው መኪናው ወደተመዘገበበት አካውንት ነው። በየቀኑ የሚሠራ ሹፌር በሳምንት ውስጥ በሌላ ሰው ካርድ ብዙ ብር ሊያስቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ለገዢው ውለታ ብቻ አይደለም፣ ለሻጩም ጥበቃ ነው።

ሻጩ ቅን ሆኖ እንኳ የሚያሳስት አንድ አቋራጭ አለ። አፑ ላይ ሌላ ሰው በሹፌርነት መጨመር ይቻላል። ሻጩ «ጨምሬሃለሁ፣ አሁን ይሠራል» ይላል፤ እውነትም ገዢው በስልኩ መኪናውን ማየት፣ መክፈትና ማዘዝ ይጀምራል። ሁሉም ያለቀ ይመስላል። ባለቤቱ ግን አሁንም ሻጩ ነው፣ ገዢውን በፈለገ ቀን ሊያስወጣው ይችላል። ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ገዢው በራሱ አፕ ሌላ ሹፌር፣ ለምሳሌ ባለቤቱን፣ ለመጨመር ይሞክር። ካልፈቀደለት የተሰጠው የሹፌር ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም።

ዝውውሩ ከተፈጸመ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ስልክ በብሉቱዝ እንደ ቁልፍ ሲያገለግል ፈቃዱ የሚቀመጠው መኪናው ውስጥ ነው፣ ከሰርቨሩ መዝገብ የተለየ ነው። ስለዚህ ገዢው በመኪናው ስክሪን ላይ የመቆለፊያውን ገጽ ከፍቶ የቁልፎቹን ዝርዝር ማየት አለበት። የማያውቀው ስልክ ወይም ካርድ ካለ በእጁ ባለው ቁልፍ ካርድ እያረጋገጠ ይሰርዘዋል። ሞዴል 3 ከፋብሪካው ሲወጣ ሁለት ካርድ ይዞ ስለሚመጣ ሻጩ አንዱን ብቻ ከሰጠ ሁለተኛው የት እንዳለ ይጠየቅ። ከዚያ ገዢው በራሱ አካውንት አረጋግጦ መኪናውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰው፤ የሻጩ የቤት አድራሻና የስልክ ማውጫ በዚያ ይጠፋል።

ሻጩ መልስ ባይሰጥስ? ስልክ ቀይሮ ወይም አገር ለቆ ሊሆን ይችላል። ገዢው በራሱ አፕ ቪን ቁጥሩን አስገብቶ ባለቤትነት መጠየቅ ይችላል። ኩባንያው በስሙ የተዛወረውን የመኪና ምዝገባ ወይም የሽያጭ ሰነዱን ይጠይቀዋል፣ አይቶም መዝገቡን ይቀይራል። ይህ መንገድ ቀናት ስለሚወስድ፣ ሰነድ ሳይሟላ በቃል ብቻ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይጣበቃል።

ማዛወር የማይፈታው ነገርም አለ። በአሜሪካ የድሮ ኒሳን ሊፍ የገዛ ሰው ሻጩ የቱንም ያህል ቢተባበረው አፑ ላይሠራለት ይችላል። ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ በዚያ ላይ የተመሠረቱ የመኪና ሞደሞች ዝም ብለዋል። አገር ቤትም ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ለቻይና ገበያ የተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በዝተዋል። የእነዚህ አፕ ብዙውን ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ ነው፤ ሻጩ ራሱ ተጠቅሞበት አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ ገዢው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አፑ በአንተ ስልክ ይሠራል ወይ? አሳየኝ» ብሎ ነው። የማይሠራ ከሆነ የሚዛወር ነገር የለም፣ ዋጋውም ያንን ታሳቢ ያድርግ።

ከሁሉ የሚሻለው መልእክቱ ሳያስፈልግ መጨረስ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት ሁለቱም መኪናው አጠገብ ሆነው፣ ስልኮቻቸውን አውጥተው ዝውውሩን ይጀምሩ። መኪናው ከሻጩ አፕ ላይ ሲጠፋና በገዢው አፕ ላይ ሌላ ሹፌር መጨመር ሲቻል ገንዘቡ ይሰጥ። በአንድ ቀን ካላለቀ የሻጩን ኢሜይልና ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ተቀብሎ፣ ከክፍያው ጥቂት አስቀርቶ በጽሑፍ መዋዋል ገዢውን ያድነዋል።