በዳታ የሚሠራው አፕ በዋይፋይ ለምን እምቢ ይላል?

ዋይፋዩ ይሠራል፣ ዩቲዩብም ይከፍታል፤ አንዱ አፕ ብቻ ክብ እያዞረ ይቀራል። ዋይፋዩን አጥፍተው ዳታ ሲያበሩ ግን ወዲያው ይከፈታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ልፋት ነው። በዳታ የሚሠራ አፕ ጤነኛ ነው፤ መፈተሽ ያለበት የቤቱ መስመር ነው።

መጀመሪያ ሌላ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሞክሩ። በሌላው ከሠራ፣ በራውተሩ ላይ የወላጅ ቁጥጥር ወይም የታገዱ ስልኮች ዝርዝር እንዳለ ይዩ፤ እገዳው የተጣለው በእርስዎ ስልክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ስልክ ካልሠራ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው።

አፑ የሚጠራው ስም ነው፤ ግንኙነቱ ግን የሚፈልገው ቁጥር ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ በዳታ ጊዜ የቴሌኮሙ፣ በዋይፋይ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ የሚሰጠው ነው። አንድ የቤተሰቡ አባል ማስታወቂያ የሚያግድ ዲኤንኤስ ራውተሩ ላይ አስገብቷል እንበል። አፑ ሲከፈት የሚጠራው አንድ ስም በእገዳው ውስጥ ከወደቀ፣ አፑ መልስ ሲጠብቅ ይቀራል። ስሙን ካወቁ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ላፕቶፕ ሁለቱን መልሶች ያነጻጽሩ፦

```
nslookup example.com
nslookup example.com 1.1.1.1
```

በ`example.com` ቦታ የአፑን ስም ያስገቡ። የመጀመሪያው `0.0.0.0` ብሎ ሁለተኛው እውነተኛ ቁጥር ከሰጠ፣ አጋጁ ተገኝቷል። ሁለቱም እውነተኛ ሆነው ቢለያዩ ግን አይደንግጡ፤ ትልልቅ አገልግሎቶች ብዙ ቁጥር አላቸው። ስሙን ካላወቁ፣ በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ Private DNS የሚለውን ፈልገው `dns.google` ብለው ያስገቡ። አፑ ከተከፈተ ጥፋቱ የራውተሩ ዲኤንኤስ ነው። ስልኩ ይህ ሰርቨር ሊገኝ አልቻለም ካለ፣ ራውተሩ ወይም ከእሱ በላይ ያለው መስመር ይህንኑ መንገድ ሳይዘጋው አይቀርም።

ዲኤንኤሱ ንጹሕ ከሆነ አድራሻው ይቀራል። ራውተሩ አይፒቪ6 የሚባለውን አዲሱን የአድራሻ ዓይነት ለስልኩ ያድልና ወደ ውጭ የሚያወጣ መንገድ የሌለው ጊዜ አለ። ብራውዘሮች ይህን ሲያዩ ፈጥነው ወደ አሮጌው አይፒቪ4 ይዞራሉ፤ አንዳንድ አፕ ግን በተዘጋው በር ቆሞ ይጠብቃል። ዩቲዩብ እየሠራ አፑ ብቻ የሚንገታገተው አንዳንዴ በዚህ ነው። ለማረጋገጥ በራውተሩ ሴቲንግ አይፒቪ6ን ለጊዜው አጥፍተው ስልኩን ከዋይፋዩ አላቅቀው እንደገና ያገናኙት።

ይህም ካልረዳ ለኢንተርኔት አቅራቢዎ ይደውሉ። ሲደውሉ «ዋይፋዬ አይሠራም» አይበሉ፤ አፑ በዳታ እንደሚሠራ፣ በሁሉም ስልክ እንደሚቆም፣ ዲኤንኤስ ቀይረው ያገኙትንም ውጤት ይንገሩ።