ከ45 እስከ 55
ሚዛናዊ ሳንቲም 100 ጊዜ ቢወረወር፣ የአንበሳው ገጽ ከ45 እስከ 55 ጊዜ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? አሥራ አንዱን ዕድሎች አንድ በአንድ አስልቶ መደመር አድካሚ ነው። አብርሃም ደ ሟቭር እ.ኤ.አ. በ1733 ያሳየው መንገድ ቆጠራውን በደወል ቅርጽ ኩርባ ይተካል። አማካዩ 50 ነው፤ መደበኛ ልይይቱ የ100 × 0.5 × 0.5 ዳግም ዘር፣ ማለትም 5 ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ድንበሩ ነው። ቆጠራ ከሙሉ ቁጥር ወደ ሙሉ ቁጥር ይዘላል፤ ኩርባው ግን አይቆራረጥም። ስለዚህ 45 የሚይዘው ቦታ ከ44.5 ይጀምራል፤ የ55ም እስከ 55.5 ይዘልቃል። ሁለቱም ጠርዞች ከአማካዩ በ5.5 ይርቃሉ፤ ይህ ለ5 ሲካፈል 1.1 ይሆናል። ከሰንጠረዡ የሚገኘው 72.87 በመቶ ነው፤ አድካሚው ድምርም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ግማሾቹ ቢዘነጉ 68.27 በመቶ ብቻ ይወጣ ነበር።

ዕድሉ 0.02 ቢሆን ግን የሚጠበቀው ቁጥር 2 ብቻ ስለሚሆን ስርጭቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ያኔ ግማሽ መጨመሩም ስህተቱን አያርመውም።