አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሲታሰብ
የተደገመ ሒሳብን ስለ መቃወምና ክሬዲት ኖት ስለ መጠየቅ

በዱቤ በሚሸጥና በሚገዛ ዕቃ ላይ ከሚደርሱት የሒሳብ ስሕተቶች አንዱና የተለመደው፣ አንድ ጊዜ የተረከቡት ዕቃ ዋጋ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ መገኘቱ ነው። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተንኮል ሳይሆን ከወረቀት መደራረብ ነው። ነገር ግን ገዥው አቤቱታውን ያቀረበው ባልተጣራ ማስረጃ እንደሆነ፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ሳለ ተረቺ ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የተደገመ ሒሳብ ሥሩ የሚገኘው በገንዘቡ ልክ ላይ ሳይሆን ዕቃው በተረከበበት ወረቀት ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት የሚከተለው ምሳሌ ይበቃል።

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ለተማሪዎች ደብተር ሥራ የሚሆን 300 ሪም ወረቀት ከአንድ አስመጪ ነጋዴ አዘዘ። የአንዱ ሪም ዋጋ 800 ብር ስለሆነ የዕቃው ዋጋ 240,000 ብር፣ በመቶ 15 የሚታሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስ 36,000 ብር፣ ጠቅላላው 276,000 ብር ነበር። የክፍያው ጊዜ ፋክቱሩ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን እንዲሆን ተስማሙ። አስመጪው ወረቀቱን በሦስት ጭነት፣ በእያንዳንዱም ጭነት 100 ሪም አድርጎ አስረከበ። የማተሚያ ቤቱም የግምጃ ቤት ሹም ሦስቱን የዕቃ ማስረከቢያ ወረቀቶች፣ ቁጥር 0417ን ጥር 8 ቀን፣ ቁጥር 0425ን ጥር 20 ቀን፣ ቁጥር 0431ን ጥር 27 ቀን ፈርሞ ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ፋክቱሮች መጡ። የመጀመሪያው ቁጥር 1182 ሲሆን የ100 ሪም ዋጋ ከነታክሱ 92,000 ብር ይጠይቃል። ሁለተኛው ቁጥር 1209 ሲሆን የ200 ሪም ዋጋ 184,000 ብር ይጠይቃል። ማተሚያ ቤቱም ሁለቱን በጊዜያቸው ከፈለ። የካቲት 3 ቀን ግን ቁጥር 1214 የሆነ ሦስተኛ ፋክቱር ደረሰ፤ የሚጠይቀውም እንደገና የ100 ሪም ዋጋ 92,000 ብር ነበር። የሦስቱ ፋክቱሮች ድምር 368,000 ብር ሆነ፤ ይህም ከታዘዘው ዋጋ በ92,000 ብር ይበልጣል።

የሒሳብ ሹሙ መዝገቡን ሲመለከት ቁጥር 1182 እና ቁጥር 1214 በዕቃው ዓይነት፣ በሪሙ ብዛትና በገንዘቡ ልክ አንድ ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ ጊዜ ሳያጠፋ «ፋክቱር ቁጥር 1214 የቁጥር 1182 ድጋሚ ስለሆነ አንከፍልም» ብሎ ለአስመጪው ጻፈ።

የአስመጪው መልስ አጭርና የማያወላዳ ነበር። ቁጥር 1182 የተጻፈው በማስረከቢያ ቁጥር 0417 ለተሰጠው ጭነት፣ ቁጥር 1214 ግን በማስረከቢያ ቁጥር 0431 ለተሰጠው ጭነት መሆኑን ገለጸ፤ የግምጃ ቤቱ ሹም ፊርማ ያለበትንም የማስረከቢያ ወረቀት ቅጂ አያይዞ ላከ። በዚህም አስመጪው ትክክል ነበር፤ ሁለቱ ፋክቱሮች በእርግጥ ስለ ሁለት የተለያዩ ጭነቶች የተጻፉ ናቸውና። የማተሚያ ቤቱ አቤቱታ ውድቅ ሆነ። የ30 ቀኑም ጊዜ ባለፈ ጊዜ አስመጪው ውዝፉ እስኪከፈል ድረስ ተጨማሪ ወረቀት እንደማይልክ አስታወቀ። የደብተሩ ሥራ ሊቆም ተቃረበ፤ 92,000 ብሩም ቢከፈል የወሩን የሠራተኛ ደመወዝ የሚያናጋ ነበር።

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነገሩን እንደገና ሲያስመረምር፣ የሒሳብ ሹሙ ፋክቱሮቹን ትቶ ከማስረከቢያ ወረቀቶቹ ጀመረ። በአንድ ገጽ ላይ ሦስቱን የማስረከቢያ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ጻፈ፤ በየቁጥሩም አንጻር ያን ጭነት የጠየቀውን ፋክቱር አሰፈረ። በቁጥር 0417 አንጻር 1182 ብቻ ቆመ። በቁጥር 0425 አንጻር 1209 ብቻ ቆመ። በቁጥር 0431 አንጻር ግን 1209 እና 1214 ሁለቱም ተገኙ። የ200 ሪሙ ፋክቱር ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል «በማስረከቢያ ቁጥር 0425 እና 0431» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ስለዚህ የተደገመው የመጀመሪያው ጭነት ሳይሆን የሦስተኛው ጭነት ዋጋ ነበር፤ ይህም የታወቀው የገንዘባቸው ልክ በማይመሳሰል በሁለት ፋክቱሮች መካከል ነው።

የስሕተቱ መነሻም በኋላ ተገለጸ። የማስረከቢያ ወረቀት በብዙ ቅጂ ይጻፋል። የአስመጪው መጋዘን የራሱን ቅጂ ወዲያው ለሽያጭ ክፍል ሲልክ፣ የመኪናው ነጂ ደግሞ ገዥው የፈረመበትን ቅጂ ከቀናት በኋላ ይመልሳል። የሽያጩ ጸሐፊ በመጋዘኑ ቅጂ ቁጥር 1209ን ጽፎ ነበር። ገዥው የፈረመበት ቅጂ ሲደርሰውም አዲስ ጭነት መስሎት ቁጥር 1214ን ጻፈ። የፋክቱሩ ቁጥርና ቀን አዲስ ስለሆነ፣ ፋክቱርን በቁጥሩና በገንዘቡ ልክ ብቻ የሚመዘግብ መዝገብ እንዲህ ያለውን ድጋሚ ሊያጋልጥ አይችልም።

የድጋሚው ምንነት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ሒሳቡ በምን ይታረማል የሚለው ነው። አንዳንዱ ገዥ ፋክቱሩን በቀይ ቀለም ሰርዞ መመለስ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ዝም ብሎ አለመክፈልን ይመርጣል። ሁለቱም መንገዶች ጉዳቱን ያቆዩታል እንጂ አያስወግዱትም። ፋክቱር ቁጥር 1214 በሻጩ መዝገብ ላይ እንዳለ እስከቆየ ድረስ ማተሚያ ቤቱ ባለዕዳ ሆኖ ይታያል። ሻጩም ያልሸጠውን ዕቃ እንደ ሸጠ ተቈጥሮ 12,000 ብር ታክስ ለመንግሥት ያስታውቃል። ገዥው ያንኑ ፋክቱር መዝግቦ 12,000 ብሩን በግዥ እንደ ከፈለው ታክስ አድርጎ ከሚከፍለው ላይ ቀንሶ እንደሆነ፣ የማይገባውን ተቀናሽ ወስዷልና በምርመራ ጊዜ ተጠያቂው እርሱ ነው። ፋክቱሩ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የተቈረጠ ከሆነም በወረቀቱ ላይ መሰረዙ በመሣሪያው ውስጥ የተመዘገበውን አይፍቀውም።

ስለዚህ ትክክለኛው ማረሚያ ክሬዲት ኖት ነው። ክሬዲት ኖት ማለት ሻጩ ቀደም ሲል በጻፈው ፋክቱር ከጠየቀው ገንዘብ ላይ ይህን ያህል ቀንሻለሁ ብሎ ለገዥው የሚሰጠው የሒሳብ ሰነድ ነው። የመጀመሪያው ፋክቱር በመዝገብ ላይ ይቆያል፤ ክሬዲት ኖቱም ከጎኑ ቆሞ ያፈርሰዋል። በዚህ ሰነድ ሻጩ የሽያጩን ታክስ፣ ገዥውም የግዥውን ታክስ በእኩል ልክ ይቀንሳሉ።

የሒሳብ ሹሙ ሁለተኛውን ደብዳቤ እንደሚከተለው ጻፈ።

«ለሒሳብ ክፍል። ጉዳዩ፦ በፋክቱር ቁጥር 1214 ስለ ተደገመ ሒሳብ። ባለፈው ደብዳቤያችን ይህ ፋክቱር የቁጥር 1182 ድጋሚ ነው ያልነው ስሕተት ስለሆነ አንሥተነዋል። በማስረከቢያ ቁጥር 0431 ጥር 27 ቀን የተረከብነው 100 ሪም ወረቀት በፋክቱር ቁጥር 1209 ከማስረከቢያ ቁጥር 0425 ጋር ተጠይቆ ዋጋው ተከፍሏል። የዚሁ ጭነት ዋጋ በፋክቱር ቁጥር 1214 እንደገና ተጠይቋል። ስለዚህ በፋክቱር ቁጥር 1214 ላይ የዕቃው ዋጋ 80,000 ብር፣ ታክሱ 12,000 ብር፣ ጠቅላላው 92,000 ብር የሚቀነስበት ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን፣ ከዚያም በኋላ የሒሳባችን መግለጫ እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የግዥ ትእዛዙ፣ የሦስቱ ማስረከቢያዎች፣ የሦስቱ ፋክቱሮችና የባንክ ክፍያዎቹ ቅጂዎች ተያይዘዋል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ የመጀመሪያውም ስሕተት ሳይሸፈን በግልጽ ተነሥቷል። የአስመጪው ሒሳብ ሠራተኛ ደብዳቤውን ይዞ ቁጥር 1209ን ከፋይሉ ማውጣት ብቻ ይበቃዋል። ፋክቱር ቁጥር 1214 ቀደም ብሎ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ በባንክ እንዲመለስ ወይም ከሚቀጥለው ፋክቱር ላይ እንዲታሰብ ከሁለቱ አንዱን ለይቶ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሳይወሰን የቀረ ገንዘብ በሻጩ መዝገብ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራልና።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የተላከው ክሬዲት ኖት 80,000 ብር ብቻ የሚል ሲሆን ታክሱን አልጠቀሰም። ይህ ሰነድ እንዳለ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ በማተሚያ ቤቱ ስም 12,000 ብር ዕዳ ይቀር ነበር። የሒሳብ ሹሙ ሰነዱን ሳይመዘግብ መለሰው። ሁለተኛው ክሬዲት ኖት የራሱን ቁጥርና ቀን፣ የሁለቱን ወገኖች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሚታረመውን ፋክቱር ቁጥርና ቀን፣ የቅናሹን ምክንያት፣ የዕቃውን ዋጋና ታክሱን ለየብቻ ይዞ ቀረበ።

ክሬዲት ኖቱ ከተመዘገበ በኋላ ከ368,000 ብር ላይ 92,000 ብር ተነሥቶ 276,000 ብር ቀረ፤ የተከፈለውም በትክክል ይኸው ነበር። አስመጪው የላከው የሒሳብ መግለጫ ውዝፍ እንደሌለ አሳየ፤ በማግሥቱም የሚቀጥለው የወረቀት ጭነት ከመጋዘን ወጣ። የማተሚያ ቤቱ የግምጃ ቤት ሹምም ከዚያን ጊዜ ወዲህ እያንዳንዱ የማስረከቢያ ወረቀት ለሒሳብ ክፍል ሲደርስ፣ በእርሱ የተጠየቀው ፋክቱር ቁጥር በወረቀቱ ራስ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። ቁጥር የተጻፈበት ማስረከቢያ ለሁለተኛ ጊዜ ከሌላ ፋክቱር ጋር ሲመጣ፣ ድጋሚው ገንዘቡ ሳይከፈልና ታክሱም ሳይመዘገብ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይታወቃል።