ጥርስ ያወጣ ጠርዝና ማለስለሻዎቹ

ኮምፒውተር ጌም ውስጥ ከሩቅ የሚታይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልብ ብላችሁ እዩ። ቀጥ ማለት ሲገባው ደረጃ ደረጃ ይሠራል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ደግሞ እዚህ ብቅ፣ እዚያ ጥፍት ይላል። ግራፊክስ ካርዱ በየፒክሰሉ መሃል አንድ ነጥብ ብቻ ወስዶ ሽቦው መኖር አለመኖሩን ስለሚፈትሽ ነው። ሽቦው ከፒክሰል ከቀጠነ አንዱ ነጥብ ያገኘዋል፣ ሌላው አያገኘውም። ሴቲንግ ውስጥ FXAA፣ MSAA እና TAA የሚባሉት አማራጮች የመጡት ለዚሁ ነው።

ርካሹ FXAA ነው። ምስሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የብርሃን ልዩነት የጎላባቸውን ጠርዞች ፈልጎ ከጎረቤት ፒክሰሎች ጋር ያደባልቃል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚሠራ ጌም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ አለው፤ FXAA ከዚያ የሚወስደው እዚህ ግባ አይባልም። ግን የቅርጽ ጠርዝንና የማስታወቂያ ሰሌዳ ጽሑፍን ስለማይለይ ጽሑፉንም ያደበዝዛል። የተቆራረጠውንም ሽቦ አይቀጥለውም። ያልተሣለውን ከየት ያምጣው?

MSAA ሥራውን ከምንጩ ይጀምራል። 4x ሲባል በየፒክሰሉ አራት ነጥብ ይፈትሻል፤ የሽቦውን ቀለም የሚያሰላው ግን በፒክሰል አንዴ ብቻ ነው። ሽቦው ከአራቱ አንዱን ከነካ ፒክሰሉ ሩብ ያህል ቀለሙን ያገኛል። ጽሑፉ ሳይነካ ስለሚቀር ለእኔ ዓይን ከሦስቱ ጥርት ያለው ይኸው ነው። ሂሳቡ የሚመጣው በሜሞሪ በኩል ነው። ብዙ አዳዲስ ጌሞች ብርሃኑን ከማስላታቸው በፊት የየፒክሰሉን ቀለም፣ አቅጣጫና ርቀት ያስቀምጣሉ። ለአንድ ፒክሰል 20 ባይት ብንይዝ፣ 1920 በ1080 ስክሪን ላይ 41 ሜጋባይት የነበረው 166 ይደርሳል፤ የብርሃኑም ስሌት ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይደጋገማል። ይህ ሁሉ ተከፍሎም እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚብለጨለጨውን ብርሃን አያረጋጋውም፤ ችግሩ ያለው ቅርጹ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ውስጥ ነውና። ከብዙ ጌሞች ሴቲንግ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታውን የወረሰው TAA ካሜራውን በየፍሬሙ ከፒክሰል ባነሰ መጠን ያነቃንቃል፣ ውጤቱንም ካለፉት ፍሬሞች ጋር ያደባልቃል። አንሪል ኤንጂን 4 ላይ ሳይነኩት ያለው ልክ ይህ ነው፦

```
r.TemporalAACurrentFrameWeight=0.04
```

ከምታዩት ምስል አዲሱ 4 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ስትቆሙ ሽቦው ሙሉ ይሆናል፣ ብልጭታውም ይረጋጋል፤ ያውም በትንሽ ወጪ። ስትራመዱ ግን የቆየው ምስል ወደ አዲሱ ቦታው ሲዛወር በፒክሰሎች መካከል ስለሚወድቅ በየፍሬሙ እንደገና መገመት አለበት፤ ግምቱ ሲደራረብ ምስሉ ይፈዝዛል። ፈጥኖ የሚያልፍ መኪናም ከኋላው የደበዘዘ ጭራ ሊጎትት ይችላል።

የትኛው እንደሚያደበዝዝባችሁ ለመለየት ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ፊት ቁሙና ወደ ጎን ተራመዱ። ቆማችሁ ጥርት ብሎ ስትሄዱ ከፈዘዘ TAA ነው፤ ቆማችሁም ከፈዘዘ FXAAን ጠርጥሩ። አንዳንድ ጌሞች ለTAA የሚያክሉት ማጥሪያ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ሲያበዙት ግን በየጠርዙ ነጭ መስመር ያወጣል።