አደራ ያዥ ፕሮግራም

ገዢው አንድ ከተማ፣ ሻጩ ሌላ ከተማ ናቸው። የሚሸጠው ያገለገለ ካሜራ ሲሆን ዋጋው 0.2 ኢተር ነው። ገዢው «ዕቃው ሳይደርሰኝ አልከፍልም» ይላል፤ ሻጩም «ሳይከፈለኝ አልልክም»። በተለመደው አሠራር ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ገንዘቡን በአደራ ይይዛል። እሱ ይዞት ቢጠፋስ?

ስማርት ኮንትራት ይህን የአደራ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሐሳቡን በ1990ዎቹ ያነሣው ኒክ ሳቦ ሲሆን፣ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2015 ኢተሪየም ከተጀመረ ወዲህ ነው። ፕሮግራሙ የሚኖረው በብሎክቼይን፣ ማለትም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ ቅጂውን በሚይዙት መዝገብ ላይ ነው። የራሱ አድራሻ አለው፤ ገንዘብ ይቀበላል፤ የሚከፍለውም በተጻፈለት ደንብ ብቻ ነው።

ወደ ካሜራው እንመለስ። ገዢው 0.2 ኢተሩን ወደ ኮንትራቱ ያስገባል። ሻጩ ገንዘቡ መግባቱን በዓይኑ አይቶ ዕቃውን ይልካል። ገዢው ሲረከብ «ደርሶኛል» የሚል ትእዛዝ ከዋሌቱ ይሰጣል፤ ገንዘቡም ለሻጩ ይለቀቃል።

ገዢው ካሜራውን ተቀብሎ ዝም ቢልስ? ፕሮግራሙ ፖስታ ቤት ሄዶ አያይም። «በ14 ቀን መልስ ከሌለ ገንዘቡ ለገዢው ይመለስ» ብለን ብንጽፍ ዝምታ ያዋጣዋል። «ለሻጩ ይከፈል» ብንል ደግሞ ሻጩ በካርቶን ድንጋይ አሽጎ ልኮ ቀኑን ይቆጥራል። የትኛውም የቀን ገደብ አንዱን ወገን ያደላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዳኛ ይጨመራል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይፈጸማል።

ታዲያ ሰው ዳኛ ከገባ ፕሮግራሙ ምን ጠቀመ? ዳኛው ገንዘቡን አይነካም። ማድረግ የሚችለው «ለሻጩ» ወይም «ለገዢው» ማለት ብቻ ነው፤ ወደ ራሱ ኪስ የሚወስድ መንገድ በኮዱ ውስጥ የለም። ከአንዱ ጋር ከተመሳጠረ ግን ፕሮግራሙ ሌላውን አያድነውም።

የቀን ገደብም ቢኖር ኮንትራቱ በራሱ አይነቃም። ቀኑ ሲያልፍ ከሁለቱ አንዱ የኔትወርክ ክፍያ ከፍሎ ትእዛዝ መስጠት አለበት።

የኮድ ስሕተትም አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ወጥቶበታል። ኮዱ ገንዘቡን አስቀድሞ ይልክና «ተከፍሏል» ብሎ የሚመዘግበው ከዚያ በኋላ ነበር፤ አጥቂው በመካከል ደጋግሞ ጠየቀ። በአደራ ኮንትራትም መጀመሪያ መመዝገብ፣ ቀጥሎ መላክ ነው ደንቡ።

ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት የኮንትራቱን አድራሻ ኢተርስካን በተባለው ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። ኮዱ ለሕዝብ ካልተገለጠ ይተዉት። ከተገለጠ ደግሞ ኮድ የሚያነብ ሰው ያሳዩና አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ከገዢው፣ ከሻጩና ከዳኛው ስምምነት ውጭ ገንዘቡን ማውጣት ወይም ደንቡን መቀየር የሚችል «ባለቤት» አለ?