ዋጋ ወጣ ማለት ፍላጎት ይቀንሳል ማለት ነው?

ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው፦ «ቡና ዋጋው ወጥቷል። ዋጋ ሲወጣ ደግሞ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተመልሶ ይወርዳል። ልጠብቅ ወይስ ልግዛ?» ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅሏል።

የፍላጎት መስመር (ትምህርት ቤት ከርቭ ያልነው) ማለት ዝርዝር ነው። በዚህ ዋጋ ገዢ ይሄን ያህል ያነሳል፣ በዚያኛው ዋጋ ደግሞ ያን ያህል። የአቅርቦትም እንደዚያው ለሻጭ። ዋጋው ብቻ ሲለወጥ በዚያው መስመር ላይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እንሄዳለን። ከዋጋው ውጪ ያለ ነገር፣ ማለትም ዶላር፣ የኒውዮርክ ዋጋ፣ ዝናብ፣ የሰው ግምት ሲለወጥ ግን ዝርዝሩ ራሱ እንደ አዲስ ይጻፋል። መስመሩ ቦታ ለቀቀ የሚባለው ያኔ ነው።

ሁላችንም ያየነውን እንውሰድ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለሂሳቡ እንዲቀለን ልክ እጥፍ ሆነ እንበል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ያስቀመጥኳቸው እንጂ የገበያ መረጃ አይደሉም። አንድ ትንሽ ገበያ፣ ዋጋው በፈረሱላ፦

3,000 ብር፦ ገዢ 700፣ ሻጭ 400 ፈረሱላ
4,000 ብር፦ ገዢ 500፣ ሻጭ 500
5,000 ብር፦ ገዢ 300፣ ሻጭ 600

ገበያው 4,000 ብር ላይ ይዘጋል። አሁን ዶላር እጥፍ ሲሆን ላኪው በውጭ የሚሸጥበት ዋጋ በዶላር ያው ነው፣ በብር ግን እጥፍ ነው። 500 ፈረሱላ በ4,000 ያነሳ የነበረው ገዢ ያንኑ 500 እስከ 8,000 ያነሳዋል። ዝርዝሩ እንዲህ ይሆናል፦

4,000 ብር፦ ገዢ 900፣ ሻጭ 500
6,000 ብር፦ ገዢ 700፣ ሻጭ 700
8,000 ብር፦ ገዢ 500፣ ሻጭ 900

በድሮው ዋጋ 400 ፈረሱላ ይጎድላል፤ ስለዚህ ላኪዎች ይሻሙና ዋጋው 6,000 ላይ ይረጋል። ፍላጎቱ ከ500 ወደ 900 የሄደው መስመሩ ቦታ ስለለቀቀ ነው። ከ900 ወደ 700 የወረደው ደግሞ ዋጋ ስለወጣ፣ በአዲሱ መስመር ላይ ነው። ጠያቂው «ይቀንሳል» ያለው ይህችን 200 ነው። እውነትም ቀንሳለች፤ ግን ከ6,000 ወደ 4,000 የምትመልስ አይደለችም።

ዶላር እጥፍ ሆኖ ቡናው ለምን 8,000 አልገባም? ሻጩ ዋጋ አይቶ ተጨማሪ ስላወጣ ነው። ወሩ ግን ሐምሌ ነው፤ አዝመራው ካለቀ ቆይቷል። መጋዘን ውስጥ ያለው 500 ብቻ ከሆነና ማንም መጨመር ካልቻለ፣ ያው 8,000 ይገባል። (በመሬት ላይ ፍላጎቱ ሙሉ በሙሉ እጥፍ አይሆንም። ድሮ አንዳንዱ ላኪ ዶላር ለማግኘት ብሎ ቡናውን በኪሳራ ይገዛና በአስመጪነቱ ያካክሰው ነበር። ተመኑ ሲለቀቅ ያ ምክንያት ሳስቷል።)

ቀጥሎ የሚመጣው ለዩኒየኖች ይበልጥ ያገባል። አርሶ አደሩ ዋጋው ገና ይጨምራል ብሎ ጀንፈሉን ቢይዝ፣ በየዋጋው 200 ፈረሱላ ከገበያ ይጠፋል እንበል። በ6,000 ሻጭ 500 ብቻ ሆነ፣ ገዢ ግን 700 ይፈልጋል። ገበያው 7,000 ላይ በ600 ፈረሱላ ይዘጋል። «ይኸው ጨመረ፣ የያዝነው ልክ ነበር» ይባላል። ነገር ግን ያ 200 አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። ሁሉም በአንዴ ሲያወጣውና በመደበኛው አቅርቦት ላይ ሲደመር፣ ገዢው ባለበት ሆኖ፣ ዋጋው 5,000 ይሆናል። ቀድሞ የሸጠ 7,000 አገኘ፣ ከሁሉም ጋር የጠበቀ 5,000።

የትኛው መስመር እንደተንቀሳቀሰ በምን ይታወቃል? ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የተገበያየውን መጠን እዩ። ዋጋም መጠንም አብረው ከወጡ (ከ500 ወደ 700 እንደሄደው) ፍላጎቱ ነው የጨመረው። ዋጋ ወጥቶ መጠን ከወረደ (ከ700 ወደ 600) አቅርቦቱ ነው የሸሸው፤ የሸሸው ተይዞ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሲንቀሳቀሱ ነው፤ ያኔ ዋጋው መውጣቱ ግልጽ ይሆናል፣ መጠኑ ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቦርዱ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ ወረዳ ያለ አቅራቢያችሁ ጋ ደውላችሁ መጋዘኑ ሙሉ ነው ባዶ ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።