ጉልበት ሳይጎድል እጅና እግር ሲስቱ

እግሩን አራርቆ፣ ወዲህና ወዲያ እየተንገዳገደ የሚሄድ ሰው ሲታይ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው «ጠጥቷል» የሚለው ነው። ንግግሩም የተጎተተና የተቆራረጠ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይለወጣል። ሰውየው ግን ጠብታ እንኳ አልቀመሰም ይሆናል። ችግሩ አታክሲያ የሚባለው የእንቅስቃሴ ቅንጅት መጓደል፣ የጉዳቱም ቦታ ከአንጎል በስተኋላ ከታች፣ ከማጅራት በላይ የተቀመጠው ንዑስ አንጎል (ሴሬቤለም) ሊሆን ይችላል።

ግምቱ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። አልኮል በቶሎ ከሚያውካቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ይኸው ነው። በአንዳንድ አገሮች የትራፊክ ፖሊስ የጠረጠረውን አሽከርካሪ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ የሚያዘው፣ የነርቭ ሐኪምም በሽተኛውን ያንኑ የሚያስደርገው ለዚህ ነው። ልዩነቱ የሰከረው ሰው በሰዓታት ውስጥ መለስ ማለቱ ነው። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ላይ ግን የንዑስ አንጎል መካከለኛ ክፍል ሊሟሽሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳይጠጣም ይንገዳገዳል። እንዲህ ያለው ሰው እጁ ደህና ሆኖ እግሩ ብቻ አልታዘዝ ሊለው ይችላል።

ከስካሩ ግምት ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት አታክሲያን ከድካም ወይም ከሽባነት ጋር መደባለቅ ነው። «እጁ ሰነፈ»፣ «እግሩ ከዳው» ይባላል። ይህ ልክ አለመሆኑን በዝርዝር ካሳዩት ሐኪሞች ዋነኛው ጎርደን ሆልምስ ነው። ሆልምስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ያገለገለ አየርላንዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር። የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ወታደር ቆብ የጭንቅላትን የኋላ ታችኛ ክፍል እምብዛም አይሸፍንም፤ ጥይትና የፈንጂ ስብርባሪ ንዑስ አንጎላቸውን የመታቸው ወጣቶች ወደ እሱ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ የተመቱት በአንድ ጎን ብቻ ስለነበር ሆልምስ የአንዱን ሰው ደህና እጅ ከተጎዳው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ቻለ። ያየውን በ1917 አሳተመ።

እዚህ ላይ ሌላ ግምት አብሮ ይወድቃል። የቀኝ አንጎል የግራ አካልን ያዛል ሲባል ሁሉም ሰምቷል፤ ለትልቁ አንጎልም እውነት ነው። የንዑስ አንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ግን የሚታወከው ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ነው፤ መልእክቱ በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ስለሚሻገር ወደ ተነሳበት ጎን ይመለሳል።

ቀኝ ጎኑ የተመታ ወታደር እንዲህ ይፈተናል። በጣቱ አፍንጫውን፣ ቀጥሎ የሐኪሙን ጣት እንዲነካ ይጠየቃል። የግራው ጣት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የቀኙ ዘግይቶ ይነሳል፣ ዒላማውን ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል፤ ወደ ሐኪሙ ጣት በቀረበ ቁጥር መወዛወዙ ይብሳል። መዳፉን ጭኑ ላይ በፍጥነት እያገላበጠ እንዲመታ ሲባል ግራው ምቱን ጠብቆ ይሄዳል፤ ቀኙ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴም ሳይገለበጥ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላው ፈተና ነው። በሽተኛው ጡጫውን ወደ ትከሻው እንዲስብ ይደረግና ሐኪሙ የእጁን አንጓ ይዞ ይከለክለዋል። ያኔ የተጎዳው እጅም በጉልበት ይስባል። ሐኪሙ ድንገት ሲለቀው ደህናው እጅ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ የተጎዳው ግን ማቆሚያ አጥቶ የባለቤቱን ፊት ይመታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ሌላ እጁን በበሽተኛው ፊት ላይ ሳይጋርድ ይህን ፈተና አያደርግም። ሆልምስ ጉዳቱ ትኩስ ሳለ መጠነኛ ድካምም እንደሚኖር መዝግቧል፤ የእጁን መሳት ግን በዚያ ድካም ማስረዳት አይቻልም። ጡንቻው አለ፣ የሚያዘውም አለ፤ የጠፋው ልኩና ሰዓቱ ነው።

ምክንያቱ በአንድ ስኒ ቡና ይታያል። እጅ ወደ ስኒው ሲዘረጋ የሚያስኬደው ጡንቻ ቀድሞ ይሠራል፤ ስኒው ጋ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ተቃራኒው ጡንቻ ፍጥነቱን መያዝ አለበት። ዓይን አይቶ እስኪያርም ቢጠበቅ ይረፍዳል። ንዑስ አንጎል ከትልቁ አንጎል የወጣውን ትእዛዝና ከአካል የሚመጣውን ስሜት እያነጻጸረ መያዣው በየትኛው ቅጽበት መድረስ እንዳለበት አስቀድሞ ይተምናል። ትመናው ሲበላሽ መያዣው ዘግይቶ ይመጣል፤ እጁ ያልፋል፣ ማረሚያውም ዘግይቶ ስለሚደርስ በሌላው በኩል ያልፋል። ቡናው የሚደፋው ያን ጊዜ ነው። ይህን መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከፓርኪንሰን ጋር ያምታታዋል፤ የፓርኪንሰኑ በአብዛኛው እጅ ባረፈበት ጎልቶ ሲንቀሳቀስ የሚቀንስ ነው፤ ይኸኛው እጅ ሲያርፍ ይጠፋል፣ ዒላማው ሲቀርብ ይብሳል።

ይህ የትመና ሥራ ብዙ ሕዋስ ይፈልጋል። ንዑስ አንጎል ከጠቅላላው አንጎል ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በ2009 የታተመ የብራዚል ተመራማሪዎች ቆጠራ ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮኑ ያሉት በእሱ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል።

እንዲህ ከሆነ ያለ እሱ መኖር አይቻልም ማለት ነው? አይደለም። በ2014 የቻይና ሐኪሞች በማዞርና በማቅለሽለሽ የመጣች የ24 ዓመት ሴት መርምረው ንዑስ አንጎል ፈጽሞ ሳይፈጠርላት መወለዷን ደረሱበት። በሕፃንነቷ ለመራመድና ለመናገር ዓመታት ዘግይታለች፤ አካሄዷም ትንሽ ይዋዥቅ ነበር። ግን ትሄዳለች፣ አግብታ ወልዳለች። የቀረው አንጎል ከልጅነቷ ጀምሮ የቻለውን ያህል ሥራውን ተረክቧል።

ድንገት የሚመጣ ጉዳት ግን ለመላመድ ፋታ አይሰጥም፤ አደገኛው የተሳሳተ ግምትም ያለው እዚህ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው በአንድ ጊዜ ክፉኛ ያዞረውና ደጋግሞ ያስመልሰዋል። ማስመለሱ ለጨጓራ፣ ማዞሩ ለደም ማነስ ይሰጣል። አልጋ ላይ ሲመረመር እጅና እግሩ ይበረታሉ፤ አፉ አልተጣመመም። ስትሮክ አይደለም ተብሎ ይሸኛል። ቁጭ በል ሲባል ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ፣ ቁም ሲባል ያለ ድጋፍ አንድ እርምጃ መራመድ አለመቻሉ ሳይታይ ይቀራል። የንዑስ አንጎል ስትሮክ የሚጋለጠው በዚህ ፈተና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲቲ ስካን ንጹሕ ሊመስል ስለሚችል የምስሉ ደህንነት ብቻውን አያረጋጋም። በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት የተጎዳው ክፍል ሊያብጥ ይችላል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ እብጠቱ የመተንፈሻውን ማዘዣ ይጫናል። በሽተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ በቶሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሕይወቱን ሊያድን ይችላል።

አታክሲያ መድኃኒት የለውም የሚለውም እንደ መነሻው ነው። በዘር የሚተላለፉት በርካታ ዓይነቶች እስካሁን ፈውስ የላቸውም፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ግን አካሄድን ያሻሽላል። ሊመለሱ የሚችሉም አሉ። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው መንገዳገድ ከጀመረ፣ ዓይኑም ወደ ጎን ሲያይ ሳያቋርጥ ከተርገበገበ፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ መሆኑ ይጠረጠራል። ብዙ ጊዜ መጠኑ ሲስተካከል ይሻለዋል፤ ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ የወሰደ ግን ቋሚ ጉዳት ሊተርፈው ይችላል። ማስተካከሉ የሐኪም ሥራ ነው፤ በራስ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ከባድና ተከታታይ የሚጥል ጥቃት ሊያስነሳ ይችላል።